የፋይበር ኮምፖዚት ግትርነት ጣሪያና ወለል፦ ከሚዛን እስከ መሳቢያ ማሽን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመስታወት ፋይበርና ከኤፖክሲ አንድ ሰሌዳ ሠርቼ ነበር። ፋይበሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተዘረጉ ናቸው። ግትርነቱን በወረቀት ሳሰላ 51 ጊጋፓስካል አገኘሁ። መሳቢያ ማሽኑ ግን 37 ገደማ አወጣ። መጀመሪያ ሬዚኑን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ማጠንከሪያውን። ሁለተኛ ሰሌዳ ሠራሁ፤ እሱም ያው 37 ገደማ ሆነ። በመጨረሻ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ወረቀቴን ተመለከተና «ይሄ 0.7 ያልከው የክብደት ነው ወይስ የይዘት?» ብሎ ጠየቀኝ።

የክብደት ነበር። ሰሌዳው ምንም አልሆነም፤ የተበላሸው ስሌቴ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ጋ ከመድረሴ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ቁጥሮች አሰላለሁ። አንዱ ጣሪያ ነው፤ ኮምፖዚቱ ከዚህ በላይ ግትር ሊሆን አይችልም። ሌላው ወለል ነው፤ ደህና ሆኖ የተሠራ ኮምፖዚት ከዚህ በታች አይወርድም። የተለካው ቁጥር በሁለቱ መካከል ከሌለ ችግሩ ከመለኪያው፣ ከስሌቱ ወይም ከሰሌዳው ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየትም ሁለቱ ቁጥሮች ይረዳሉ። እዚህ ያንኑ ሰሌዳ ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንሠራዋለን።

የሚያስፈልጉን ቁጥሮች

ግትርነት ስል ሞጁለሱን ማለቴ ነው። አንድን ነገር ጥቂት ለመለጠጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ምን ያህል ኃይል ያስፈልጋል የሚለውን ይነግረናል። ከጥንካሬ ጋር አታምታቱት። ጥንካሬ መቼ ይበጠሳል የሚለው ነው፤ ግትርነት ምን ያህል ይለጠጣል የሚለው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ግትርነት ብቻ ነው።

የተለመደው ኢ-ግላስ የሚባለው የመስታወት ፋይበር ሞጁለሱ ወደ 72 ጊጋፓስካል፣ እፍጋቱ ወደ 2.55 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። የደረቀ ኤፖክሲ ወደ 3 ጊጋፓስካልና 1.2 ግራም ነው። የእናንተ ሬዚን መረጃ ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው የእሱን ተጠቀሙ። ከእነዚህ ውጭ የሚቀረን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከሰሌዳው ይዘት ውስጥ ስንት እጁ ፋይበር ነው? አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

አንደኛ፦ የፋይበሩን የይዘት ድርሻ ማግኘት

ሁለት መንገድ አለ። ከተቻለ ሁለቱንም ሥሩ፤ ምክንያቱን ወዲያው ታያላችሁ።

የመጀመሪያው ማቃጠል ነው። ከሰሌዳው 5 ግራም ገደማ ቁረጡ። አድርቃችሁ በጥሩ ሚዛን መዝኑት። ቀድሞ በተመዘነ፣ ሙቀት በሚችል የሸክላ ጽዋ ውስጥ አድርጋችሁ በ565 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ምድጃ ውስጥ ጥቁር ነገር እስከማይቀር ድረስ አቆዩት። ሬዚኑ ይቃጠላል፤ መስታወቱ ይቀራል። ጭሱ ጎጂ ስለሆነ ምድጃው ጭስ ማውጫ ሊኖረው ይገባል። ሲቀዘቅዝ እንደገና መዝኑ። የእኔ ቁራጭ 5.00 ግራም ገብቶ 3.50 ግራም ቀረ። የክብደት ድርሻው 0.70 ነው ማለት ነው። ይህ ዘዴ ለመስታወት ነው። የካርቦን ፋይበር በዚያ ሙቀት አየር ውስጥ ራሱም ስለሚቃጠል ሬዚኑን በአሲድ ማሟሟት ይመረጣል።

አሁን ክብደቱን ወደ ይዘት እንቀይር። 100 ግራም ሰሌዳ አለን እንበል። 70 ግራሙ መስታወት ነው፤ ለ2.55 ሲካፈል 27.5 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። 30 ግራሙ ኤፖክሲ ነው፤ ለ1.2 ሲካፈል 25 ይሆናል። ድምሩ 52.5 ነው። የፋይበሩ ድርሻ 27.5 ለ52.5፣ ማለትም 0.523። በክብደት ሰባ በመቶ የነበረው በይዘት ሃምሳ ሁለት ብቻ ሆነ። መስታወት ከኤፖክሲ ከእጥፍ በላይ ስለሚከብድ ነው። የእኔ 51 ጊጋፓስካልም የመጣው ከዚህ ነው፤ በ0.523 ፈንታ 0.70 አስገብቼ።

ሁለተኛው መንገድ ምድጃ አይፈልግም። ጨርቁ በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ ከሻጩ ይታወቃል። የእኔ 600 ግራም ነበር፤ ስድስት ድርብ ደርድሬያለሁ። በአንድ ካሬ ሜትር 3600 ግራም መስታወት አለ ማለት ነው። ይህ መስታወት ቀልጦ ጠፍጣፋ ቢሆን ውፍረቱ 1.41 ሚሊሜትር ይሆን ነበር። የሰሌዳዬ ውፍረት በካሊፐር 2.75 ሚሊሜትር ነው። 1.41 ለ2.75 ሲካፈል 0.513 ይሰጣል።

አንዱ 0.523 አለ፤ ሌላው 0.513። ልዩነቱን በሚዛን ስህተት አትለፉት። ምድጃው የሚያየው መስታወትና ሬዚን ብቻ ነው፤ የአየሩ ክብደት ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ አይታየውም። ካሊፐሩ ግን አየሩንም ጨምሮ ይለካል። ስለዚህ ከሰሌዳው 2 በመቶ ገደማው የአየር ቀዳዳ ነው። እውነተኛው ክፍፍል ፋይበር 0.513፣ ሬዚን 0.468፣ አየር 0.019 ነው። ውፍረቱን ቢያንስ አሥር ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ፤ የአንድ ቦታ ልኬት ብቻውን ይህን ያህል ሊያሳስት ይችላል።

ሁለተኛ፦ ጣሪያውን ማስላት

ሰሌዳውን በፋይበሩ አቅጣጫ ስንስበው ፋይበርና ሬዚን ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ገመድና አንድ ላስቲክ አጠገብ ለአጠገብ አስራችሁ አንድ ላይ እንደ መጎተት ነው። ሁለቱም እኩል ይለጠጣሉ፤ ጭነቱን ግን ገመዱ ይይዘዋል። መለጠጡ እኩል ነው የሚለውን ሐሳብ ጀርመናዊው ወልደማር ፎክት በ1889 ተጠቅሞበታል። እርግጥ የእሱ ጉዳይ የክሪስታሎች ግትርነት እንጂ ፋይበር አልነበረም።

ቀመሩን ከማየታችን በፊት በኃይል እንቁጠረው። ስፋቱ 100 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ቁርጥ አለን፤ 51.3ቱ ፋይበር፣ 46.8ቱ ሬዚን። ርዝመቱን በ0.1 በመቶ እንለጥጠው። 72 ጊጋፓስካል ያለው ፋይበር በዚህ መለጠጥ በካሬ ሚሊሜትር 72 ኒውተን ይይዛል፤ በጠቅላላው ወደ 3694 ኒውተን። ሬዚኑ በካሬ ሚሊሜትር 3 ኒውተን ይይዛል፤ በጠቅላላው 140 ገደማ። ድምሩ 3834 ኒውተን ነው። ለ100 ካሬ ሚሊሜትር ሲካፈል 38.3፤ ይህ በ0.1 በመቶ መለጠጥ ስለሆነ ሞጁለሱ 38.3 ጊጋፓስካል ነው።

ከጭነቱ 96 በመቶውን የተሸከመው ፋይበሩ መሆኑን ልብ በሉ። ሬዚኑን በእጥፍ ግትር በሆነ ሌላ ብትቀይሩት እንኳ በዚህ አቅጣጫ የሚጨመረው 1.4 ጊጋፓስካል ብቻ ነው። በዚህ አቅጣጫ ግትርነት ስትፈልጉ ገንዘባችሁን ለውድ ሬዚን አታውጡ።

በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ነው፦

```
E_up = Vf*Ef + Vm*Em
```

`Vf` የፋይበር፣ `Vm` የሬዚን የይዘት ድርሻ ነው። `Ef` እና `Em` የየራሳቸው ሞጁለስ ናቸው። በጥብቅ ካየነው ፋይበርና ሬዚን ሲለጠጡ ወደ ጎን የሚቀጥኑት እኩል ስላልሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በጣም በጥቂቱ ሊበልጥ ይችላል። ለመስታወትና ኤፖክሲ ግን ከአንድ በመቶ በታች ስለሆነ በተግባር አይታይም።

ሦስተኛ፦ ወለሉን ማስላት

አሁን ያንኑ ገመድና ላስቲክ አጠገብ ለአጠገብ ሳይሆን ጫፍ ለጫፍ እሰሯቸው። ስትጎትቱ ሁለቱም የሚይዙት ኃይል እኩል ነው። መለጠጡን ግን ላስቲኩ ይወስደዋል። ኃይሉ እኩል ነው የሚለውን ሐሳብ በ1929 ያመጣው አንድራስ ሮይስ ነው። በ1952 ደግሞ እንግሊዛዊው ሮድኒ ሂል የፎክት ውጤት ጣሪያ፣ የሮይስ ውጤት ወለል መሆኑን አሳየ። የሁለቱን ግትርነት በየድርሻቸው የሚያዋህደው፣ የቅልቅል ሕግ የምንለው ግምት እንግዲህ ከግምትነት አልፎ ወሰን የሆነው በዚህ ነው።

ሰሌዳውን ከፋይበሩ ጋር በመስቀልኛ እንሳበው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የአየር ግትርነት ዜሮ ነው። ጫፍ ለጫፍ በታሰረ ነገር መካከል አየር ካለ ደግሞ ምንም የሚይዝ የለም፤ ወለሉ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ያ ስሌት ትክክል ነው፤ ግን ለሥራ አይጠቅመንም። ስለዚህ ለወለሉ አየሩን ትተን ከምድጃው የተገኘውን እንውሰድ፤ ፋይበር 0.523፣ ሬዚን 0.477።

በካሬ ሚሊሜትር 10 ኒውተን ጫኑ። ፋይበሩ 0.014 በመቶ ይለጠጣል። ሬዚኑ 0.333 በመቶ ይለጠጣል። እያንዳንዱን በድርሻው አባዝተን ስንደምር ጠቅላላው መለጠጥ 0.166 በመቶ ይሆናል። 10 ለዚህ ሲካፈል 6.0 ጊጋፓስካል ይመጣል።

```
1/E_lo = Vf/Ef + Vm/Em
```

ጣሪያ 38.3፤ ወለል 6.0። ከመለጠጡ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን የወሰደው ሬዚኑ ነው። በመስታወቱ ፈንታ ከሦስት እጥፍ በላይ ግትር የሆነ ፋይበር ብታስገቡ፣ 230 ጊጋፓስካል ያለው ካርቦን እንበል፣ ጣሪያው ወደ 119 ይዘላል፤ ወለሉ ግን ከ6.0 ወደ 6.2 ብቻ ነው የሚሄደው።

የካርቦኑ ነገር ሌላ ወጥመድም አለው። 230 የሚለው ቁጥር ፋይበሩ በርዝመቱ ሲሳብ ነው። በጎኑ ሲጫን የካርቦን ፋይበር ግትርነት ወደ 15 ጊጋፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ለወለሉ ይህን ስታስገቡ 6.2 የነበረው ወደ 5.2 ይወርዳል። መስታወት በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። ካርቦን፣ ኬቭላርና የዕፅዋት ፋይበር ግን በርዝመትና በጎን ይለያያሉ። ስለዚህ ለእነሱ ወለል ስትሠሩ የጎኑን ቁጥር ፈልጉ።

አራተኛ፦ መሳብና ማነጻጸር

ሰሌዳውን በሁለት አቅጣጫ ቁረጡ። ኤኤስቲኤም ዲ3039 በሚባለው ደረጃ ለርዝመቱ አቅጣጫ 15 ሚሊሜትር ስፋትና 250 ሚሊሜትር ርዝመት፣ ለመስቀለኛው 25 በ175 ሚሊሜትር ይመከራል። መለጠጡን የምትለኩት ቁራጩ ላይ በተያዘ ኤክስቴንሶሜትር ወይም በተለጠፈ ስትሬን ጌጅ ይሁን። የማሽኑን መንጋጋ ጉዞ አትጠቀሙ። መንጋጋው ሲጓዝ የማሽኑ መለጠጥና የመያዣው መንሸራተት አብሮ ይቆጠራል። ያኔ ሰሌዳው ከእውነቱ በላይ የተለጠጠ ይመስልና ሞጁለሱ ዝቅ ብሎ ይወጣል።

በርዝመቱ አቅጣጫ ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ባለው መለጠጥ መካከል ያለውን ቁልቁለት ውሰዱ። የእኔ ቁራጭ የቁርጥ ስፋቱ 15 በ2.75፣ ማለትም 41.25 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ጭነቱ በ3044 ኒውተን ጨመረ። ለ41.25 ሲካፈል 73.8፤ ይህን ለ0.002 ስናካፍለው 36.9 ጊጋፓስካል ሆነ። ከጣሪያው 96 በመቶ ነው። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ግን የጎደለው 4 በመቶ የት ሄደ?

በፋይበሩ አቅጣጫ መዛባት ነው የጠረጠርኩት። ጨርቁ ሲዘረጋ ወይም ቁራጩ ሲቆረጥ 5 ዲግሪ ቢዛባ እንደዚህ ያለ ሰሌዳ ከግትርነቱ 5 በመቶ ገደማ ያጣል። 10 ዲግሪ ሲሆን ግን ወደ 18 በመቶ ይደርሳል። ቁራጩን በመብራት ፊት ይዛችሁ የፋይበሩን መስመር ከጠርዙ ጋር በማዕዘን መለኪያ አስተያዩ። እኔ 4 ዲግሪ ገደማ አገኘሁ። የጎደለውን ለመሙላት ከሞላ ጎደል ይበቃል።

በመስቀለኛው አቅጣጫ 9.4 ጊጋፓስካል ለካሁ። ወለሉ 6.0 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ቀመሩ ተሳስቷል» ይላል። አልተሳሳተም። ወለል ማለት ከዚህ አይወርድም ማለት እንጂ እዚህ ላይ ያርፋል ማለት አይደለም። የሮይስ ሐሳብ ፋይበሩንና ሬዚኑን እንደ ንብብር ጠፍጣፋ ሽፋኖች ያያቸዋል። እውነተኛው ፋይበር ግን ክብ ነው፤ በሬዚን ተከቦ ይቀመጣል። የጭነቱ ከፊል በፋይበሮቹ መካከል ዞሮ ያልፋል። ሬዚኑም በዙሪያው ባለው ግትር ፋይበር ታፍኖ እንደ ልቡ አይለጠጥም። ይህን ለማካተት የተሠራው የሃልፒንና የጻይ ቀመር ለዚህ ሰሌዳ 10.7 ጊጋፓስካል ገደማ ይሰጣል። የእኔ 9.4 ከዚያ ዝቅ ማለቱ ከአየሩ ጋር ይስማማል። በዚህ አቅጣጫ ቁራጩ በጣም ቶሎ ስለሚሰነጠቅ መለጠጡን ገና በትንሹ አንብቡ።

ለአንድ ወጥ አቅጣጫ ሰሌዳ የእኔ ልማድ ይህ ነው፤ በርዝመቱ ጣሪያውን እንደ ግምት እወስዳለሁ፣ በመስቀለኛው ወለሉን እንደ መጨረሻ መጠባበቂያ እይዛለሁ፣ ለንድፍ ግን የተለካውን እጠቀማለሁ።

ቁጥሩ ከወሰን ሲወጣ

ከጣሪያው በላይ ከወጣ ሰሌዳው ተአምር ሠርቶ አይደለም። መጀመሪያ ውፍረቱን እዩ። ካሊፐሩ ከእውነቱ ቀጭን ካነበበ የቁርጥ ስፋቱ ያንሳል፤ ሞጁለሱ ይጋነናል። ቀጥሎ ኤክስቴንሶሜትሩ ቁራጩ ላይ ተንሸራቶ እንደሆነ እዩ። ቁራጩ ሲጎብጥ በአንድ ፊት ብቻ መለካትም ያሳስታል፤ ስለዚህ በሁለቱም ፊት ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ጣሪያው ራሱ የተሳሳተ ሊሆንም ይችላል፤ የፋይበሩ እውነተኛ ሞጁለስ ከ72 በላይ ከሆነ።

ስሌቱ ከተለካው በጣም ከበለጠ፣ እንደ እኔ 51 ለ37፣ የክብደትና የይዘት ድርሻ መቀላቀሉን ቀድማችሁ ፈትሹ። ለመስታወትና ኤፖክሲ ይህ ስህተት ስሌቱን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያጋንናል። ይህን ያህል ልዩነት ካያችሁ ሌላ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት እሱን እዩ።

በመስቀለኛው ከወለሉ በታች ከወረደ ግን ችግሩ የሰሌዳው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሬዚኑ ፋይበሩን አልያዘም፣ ቀዳዳ በዝቷል፣ ወይም ሬዚኑ በደንብ አልደረቀም። የተቆረጠውን ጠርዝ አለስልሳችሁ በማይክሮስኮፕ ተመልከቱ። ቀዳዳ እንደ ጥቁር ክብ ይታያል። ያልተያያዘ ፋይበር ዙሪያውን ቀጭን ጥቁር መስመር ይኖረዋል። ሁለቱም ከሌሉ ከዚያው ሬዚን ብቻውን የተሠራ ቁራጭ ሳቡ፤ 3 ጊጋፓስካል ካልደረሰ መልሱ እዚያ ነው።

ፋይበሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልሆነ

በአዳማ እንደምናያቸው ያሉ የነፋስ ተርባይኖች ክንፍ ዋናውን መታጠፍ የሚቋቋመው በርዝመቱ በተዘረጋ ፋይበር ነው። ስለዚህ እዚያ ጣሪያው በቀጥታ ይሠራል። የቤት መታጠቢያ ገንዳ ወይም የጀልባ አካል ግን ብዙ ጊዜ በተቆራረጠና በተበተነ የፋይበር ምንጣፍ ይሠራል። እዚያ ጣሪያውን እንደ ግምት መውሰድ ትልቅ ስህተት ነው።

ለዚህ ክሬንከል የተባለ ተመራማሪ ያቀረበው ቀላል መንገድ አለ። የፋይበሩን ድርሻ ብቻ በአንድ ቁጥር ታባዛላችሁ። ፋይበሩ በሰሌዳው ጠፍጣፋ ገጽ በሁሉም አቅጣጫ ከተበተነ ቁጥሩ 3/8 ነው። ግማሹ በርዝመት ግማሹ በመስቀለኛ ከሆነ 1/2። የምንጣፍ ሰሌዳ ፋይበሩ በይዘት 0.20 ገደማ ነው እንበል። 3/8 ሲባዛ 0.20 ሲባዛ 72፣ 5.4 ይሆናል። የሬዚኑ 0.80 ሲባዛ 3፣ 2.4 ይሆናል። ድምሩ 7.8 ጊጋፓስካል። ያለ ማስተካከያ ያሰላ ሰው 16.8 ይጠብቅ ነበር፤ ከእጥፍ በላይ። ፋይበሮቹ በጣም አጫጭር ከሆኑ ደግሞ ጭነቱ ከሬዚኑ ወደ ፋይበሩ ለመግባት በቂ ርዝመት ስለማያገኝ ከ7.8ም ይወርዳል።

አገራችን ውስጥ በቃጫና በእንሰት ፋይበር ለሚሞክሩ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ለቀላልነት ቃጫን በርዝመቱም በጎኑም 15 ጊጋፓስካል አድርገን፣ የይዘት ድርሻውን 0.30 ብንይዝ፣ ጣሪያው 6.6፣ ወለሉ 3.9 ገደማ ይሆናል። የመስታወቱ ርቀት ከስድስት እጥፍ በላይ ነበር፤ ይኸኛው እጥፍ እንኳ አይሞላም። ፋይበሩና ሬዚኑ በግትርነት ብዙ ስለማይራራቁ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ወሰኖች ማስላት ብቻውን ጥሩ ግምት ይሰጣል። አስቸጋሪው የፋይበሩ የቁርጥ ስፋት ነው። ቃጫ ውስጡ ባዶ ቀዳዳዎች አሉት፤ ዙሪያውም ክብ አይደለም። በማይክሮስኮፕ ከአንድ ጎን ዲያሜትር ለክቶ ክብ ነው ብሎ ማስላት የፋይበሩን ሞጁለስ ያዛባዋል፤ ከዚያ ጣሪያውም ወለሉም አብረው ይዛባሉ። ርዝመቱ የታወቀ ፋይበር ቆርጣችሁ መዝኑና ስፋቱን ከክብደቱ፣ ከርዝመቱና ከእፍጋቱ አውጡት።